«የአቻ ግምገማ ያለፈ ምንጭ ተጠቀሙ» የሚለውን መስመር ለሚጽፉ ሁሉ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለአካዳሚክ ጽሑፍ ኮርስ አስተባባሪዎች፣ ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና የአሳይመንት መመሪያ ለሚያወጡ ጽሕፈት ቤቶች

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተማሪዎችን ምንጭ በማፈላለግ የምናግዝና ስታቲስቲክስ የምናስተምር ሰዎች ነን። ጉዳያችን አንዲት መስመር ናት። በአብዛኛው የአሳይመንት መመሪያ ላይ «ቢያንስ አምስት የአቻ ግምገማ ያለፉ የጆርናል ጽሑፎችን ተጠቀሙ» የሚል ትእዛዝ ሰፍሯል። ይህች መስመር እንድትነሣ፣ በምትኩም ተማሪው የክርክሩን ክብደት የተሸከሙትን ሁለት ምንጮች ብቻ መርምሮ ምርመራውን በግማሽ ገጽ እንዲያሳይ እንጠይቃለን።

መስመሯ ስትጻፍ የታሰበው ተማሪው ከየድረ ገጹ የለቀመውን እንዳያመጣ ነው። ሐሳቡን አንቃወምም። ችግሩ ትእዛዙ የሚጠይቀው ማኅተም ብቻ መሆኑ ነው፤ ማኅተሙ ደግሞ በገንዘብ ይገዛል። ፕሬዳተሪ የሚባሉት ጆርናሎች ሥራቸው ይኸው ነው፦ ከጸሐፊው የማሳተሚያ ክፍያ ይቀበላሉ፤ ገምጋሚ ሳያዩት ወይም ለይስሙላ አሳይተው ያወጡታል፤ ገጹ ላይ ግን ከእውነተኛው ጆርናል የሚለይ ምልክት አይገኝም። አምስት ምንጭ በአንድ ሌሊት መሰብሰብ ያለበት ተማሪ በቀላሉ የሚያገኘው ደግሞ በነጻ የሚከፈተውን ፒዲኤፍ ነው።

ነገሩን በደንብ ስለሚያሳይ አንድ የታወቀ ጽሑፍ ይዘን እንሂድ። በ2015 እ.ኤ.አ. ጆን ቦሃነን የተባለ የሳይንስ ጋዜጠኛ ከጀርመን የቴሌቪዥን ዘጋቢዎች ጋር ሆኖ ሆን ብሎ ደካማ ጥናት ሠራ። ጥያቄው ጥቁር ቸኮሌት ክብደት ለመቀነስ ይረዳ እንደሆነ ነበር። ጥናቱ የውሸት አልነበረም፤ እውነተኛ ሰዎች ተመዝነዋል፣ ደማቸው ተመርምሯል፣ በእጣ በሦስት ቡድን ተከፍለዋል። አንዱ ቡድን ዳቦና ስኳር የመሳሰለውን የሚቀንስ አመጋገብ ያዘ። ሁለተኛው ያንኑ አመጋገብ ይዞ በቀን 42 ግራም ቸኮሌት ጨመረ። ሦስተኛው ለመነጻጸሪያ እንደ ወትሮው እንዲበላ ተደረገ። ከ21 ቀን በኋላ ቸኮሌት የበሉት ክብደታቸውን 10 በመቶ ፈጥነው ቀነሱ የሚል ውጤት ወጣ። ጸሐፊው ስሙን ዮሃነስ ቦሃነን ብሎ ለወጠ፤ የሥራ ቦታውንም ከድረ ገጽ በቀር ምንም በሌለው «የአመጋገብና ጤና ኢንስቲትዩት» አስመዘገበ። ኢንተርናሽናል አርካይቭስ ኦቭ ሜዲስን የተባለ ጆርናል 600 ዩሮ ተቀብሎ አንዲት ቃል ሳይለውጥ አሳተመው። ዜናው በብዙ አገሮች ጋዜጦች ተሠራጨ። በዚያው ዓመት ግንቦት ጸሐፊው ራሱ የሠራውን ይፋ ሲያወጣ ጆርናሉ ጽሑፉን አነሣው።

አሁን ይህን ጽሑፍ ከመጋለጡ በፊት አንድ ተማሪ አገኘው እንበል። በመመሪያችሁ ይለካው። በጆርናል ወጥቷል፤ የቅጽ ቁጥር አለው፤ አብስትራክት፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ሠንጠረዥ፣ ዋቢ ሁሉም በቦታው ነው፤ ጸሐፊው ዶክተር ተብሏል፤ ጆርናሉ የአቻ ግምገማ እንደሚያደርግ በራሱ ገጽ ጽፏል። አለፈ ማለት ነው። ተማሪው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የተሳሳተው፤ የተባለውን አድርጓል።

ስለዚህ መጀመሪያ ምልክቶቹ በእርግጥ የሚመሰክሩት ምን እንደሆነ ለተማሪዎች ይነገራቸው። ISSN አንድን ተከታታይ ሕትመት ከሌላው የሚለይ የምዝገባ ቁጥር ነው፤ ለጥራት የሚሰጥ አይደለም፣ የጠየቀ ሁሉ ያገኘዋል። DOI ለሰነዱ የተሰጠ ቋሚ አድራሻ ነው፤ ሰነዱ ውስጥ ያለው እውነት ይሁን ውሸት አያውቅም። በጎግል ስኮላር መገኘት ደግሞ አንድ ማሽን የጥናት ጽሑፍ የሚመስል ፋይል አየ ከማለት አያልፍም። «ኢምፓክት ፋክተር» የሚለው ቁጥር በተለይ ያሳስታል፤ ስሙን ተመሳስለው ለከፈላቸው ሁሉ ቁጥር የሚያድሉ ድርጅቶች አሉ። በጥናቱ ዓለም የሚታወቀው ቁጥር በየዓመቱ ክላሪቬት የተባለው ድርጅት በሚያወጣው የጆርናል ሳይቴሽን ሪፖርትስ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ጆርናሉ በራሱ ገጽ ላይ በትልቁ የለጠፈው ቁጥር እዚያ ከሌለ፣ ከቁጥሩ ይልቅ የለጠፈው ሰው ነው የሚያሳስበው።

ጆርናልን የመመርመር ዋናው ዘዴ ከጆርናሉ ገጽ መውጣት ነው። ስለ ራሱ የሚናገረውን ሁሉ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጎ፣ ሌላው ስለ እሱ የሚለውን መፈለግ። የመጀመሪያው እርምጃ ሙሉ ስሙንና ISSN ቁጥሩን ገልብጦ portal.issn.org ላይ ማስገባት ነው። ስሙ፣ አሳታሚውና የድረ ገጹ አድራሻ ካነበብነው ገጽ ጋር መግጠም አለባቸው። አንዳንድ ጊዜ ስሙና ቁጥሩ ልክ ሆነው አድራሻው ይለያል። የቆየ ጆርናልን ስም ሰርቀው የራሳቸውን ገጽ የሚከፍቱና ክፍያ የሚሰበስቡ አሉና ይህ ቀላል ምልክት አይደለም። ቀጥሎ በነጻ የሚነበብ ከሆነ DOAJ በተባለው በነጻ የሚነበቡ ጆርናሎች ማውጫ፣ doaj.org ላይ፣ መኖሩን ማየት ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ለእኛ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ከአርታኢዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ስም መርጦ የእያንዳንዱን የዩኒቨርሲቲ ገጽ መክፈት። እውነተኛ አርታኢ የሆነ ምሁር አርታኢነቱን ብዙውን ጊዜ በሥራ ታሪኩ ላይ ይጽፈዋል። ሦስቱም ካልጠቀሱት፣ ወይም ሙያቸው ከጆርናሉ ርዕስ ጋር የማይገናኝ ከሆነ፣ ስማቸው ሳያውቁት የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም ጽሑፉ ራስጌ ወይም ግርጌ ላይ የተቀበሉበትና ያጸደቁበት ቀን ይታያል። ግምገማ ለማድረግ ገምጋሚ መፈለግ፣ ማንበብ፣ አስተያየት መጻፍ፣ ጸሐፊው ማረም አለበት፤ ይህ ብዙ ጊዜ ወራት ይፈጃል። በሦስት ቀን የጸደቀ የሕክምና ጥናት ማን እንዳነበበው መጠየቅ ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ ክፍያ መጠየቅ በራሱ ወንጀል አይደለም። በነጻ የሚነበቡ ብዙ ከባድ ጆርናሎች ወጪያቸውን ከጸሐፊው ይሸፍናሉ፤ ምንም የማያስከፍሉም አሉ። «ነጻ ከሆነ ፕሬዳተሪ ነው» የሚል ተማሪ «ጆርናል ከሆነ እውነት ነው» ከሚለው እኩል ተሳስቷል። ሁለተኛ፣ ዝርዝር ብቻውን አይፈርድም። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ጄፍሪ ቢል ያዘጋጀው የታወቀው የተጠርጣሪዎች ዝርዝር በጥር 2017 ከመረብ ወርዷል፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎች የሚያዞሩት ቅጂ ነው። በዚያው ዓመት ኔቸር ላይ የወጣ አንድ ሙከራ ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። ተመራማሪዎች በዓለም ላይ የሌለች፣ ለአርታኢነት የሚያበቃ አንዳችም ልምድ የሌላት ሴት ፈጥረው ለ360 ጆርናሎች «አርታኢ ልሁን» ብለው ጻፉ። ከቢል ዝርዝር ከተወሰዱት 120 ውስጥ 40ዎቹ ተቀበሏት። ከDOAJ ከተወሰዱት 120 ውስጥም 8 ተቀበሏት። በጆርናል ሳይቴሽን ሪፖርትስ ካሉት 120 አንድም አልተቀበላትም። እንግዲህ በጥሩ ዝርዝር ውስጥ መሆን ዋስትና አይሆንም፤ በመጥፎው ዝርዝር ከሰፈሩትም አብዛኞቹ ወጥመዱ ውስጥ አልገቡም።

የቸኮሌቱ ጆርናልም ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ቀደም ሲል በሌላ፣ በታወቀ አሳታሚ ሥር ይወጣ ነበር፤ ባለቤቱ ሲቀየር ስሙ አልተቀየረም። የቆየውን ስሙን ሰምቶ የሚያምን ሰው የሚያምነው የቀድሞውን ጆርናል ነው። ምርመራው ጽሑፉ በወጣበት ዓመት ላይ ማተኮር ያለበት ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩን እንገልብጠው። ይኸው የቸኮሌት ጥናት ጠንቃቃ ጆርናል ላይ ወጥቶ ቢሆንስ? እንዲህ ያለ ነገር የለም እንዳይባል፣ የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘው ጽሑፍ በ1998 የወጣው ዘ ላንሴት ላይ ነበር፤ ያየው 12 ሕፃናትን ብቻ ነው፤ የተሻረው በ2010 ነው። በእነዚያ 12 ዓመታት መመሪያችሁን ተከትሎ የጠቀሰው ተማሪ ሙሉ ማርክ ያገኝ ነበር። ጆርናሉን መመርመር የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ቁጥሩ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ስታቲስቲክስ የተማረ መሆን አያስፈልግም፤ ሦስት ነገር መቁጠር ይበቃል።

መጀመሪያ ሰዎቹ ይቆጠሩ። በቸኮሌቱ ጥናት 16 ሰዎች ተመዘገቡ፣ አንዱ ወጣ፣ 15 ቀሩ። በሦስት ቡድን ሲከፈሉ በአንድ ቡድን አምስት ገደማ ይደርሳሉ። አምስት ሲባል ምን እንደሚያመጣ በቁጥር እንየው። አመጋገብ የቀየሩት ሁለቱም ቡድኖች በአማካይ 2.3 ኪሎ ያህል ቀንሰዋል። የ10 በመቶ ብልጫ ወደ ኪሎ ሲመለስ 0.2 ኪሎ ቢሆን ነው። አሁን ከአምስቱ አንዱ ሰው በመጨረሻው ቀን ውኃ ጠጥቶ ስላልመጣ ብቻ አንድ ኪሎ ቀልሎ ተመዘነ እንበል። አንድ ኪሎ ለአምስት ሲካፈል 0.2 ኪሎ ነው። የዓለም ጋዜጦች የተቀባበሉት ልዩነት ልክ በአንድ ሰው የአንድ ጠዋት ሚዛን ሊመጣ ይችላል። በቡድኑ ውስጥ 200 ሰው ቢኖር ኖሮ ያው አንድ ኪሎ አማካዩን በ5 ግራም ብቻ ያነቃንቀው ነበር። ተማሪው ይህን ስሌት በራሱ እጅ አንዴ ከሠራው «ናሙናው ትንሽ ነው» የሚለው ነገር የቃል ወቀሳ መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛ የተለኩት ነገሮች ይቆጠሩ። ይህ ነው ብዙ አንባቢ የማያየው። ጥናቱ ክብደትን ብቻ አልለካም፤ ኮሌስትሮል፣ ሶዲየም፣ የደም ፕሮቲን፣ የእንቅልፍ ጥራት፣ የደኅንነት ስሜት እያለ 18 ነገር ለካ። እያንዳንዱ ልኬት እንደ አንድ የሎተሪ ትኬት ነው። ተመራማሪዎች «ስታቲስቲካዊ ጉልህነት አለው» የሚሉት ብዙውን ጊዜ ፒ ቫልዩው ከ0.05 ሲያንስ ነው፤ ይኸም በቡድኖቹ መካከል እውነተኛ ልዩነት ሳይኖር እንኳ ከሃያ ልኬት አንዱ በዕድል ብቻ ያንን መስመር ያልፋል ማለት ነው። ትኬቱ አንድ ከሆነ የማሸነፍ ዕድሉ 5 በመቶ ነው። አሥራ ስምንት ከሆነስ?

```
1 - 0.95^18 = 0.60
```

60 በመቶ። ቸኮሌት ምንም ባያደርግ እንኳ ከአሥራ ስምንቱ ቢያንስ አንዱ ጉልህ ሆኖ የመውጣት ዕድሉ ከግማሽ ይበልጣል። ስሌቱ ልኬቶቹ እርስ በርስ የማይገናኙ ናቸው ብሎ ስለሚነሣ ግምት ነው፤ ኮሌስትሮልና ክብደት ይያያዛሉና ትክክለኛው ቁጥር ትንሽ ይለያል። የሚያሳየው አቅጣጫ ግን አይለወጥም። አጥኚዎቹ ክብደት ላይ ልዩነት ባያገኙ «ቸኮሌት እንቅልፍ ያሻሽላል» ብለው ይጽፉ ነበር፤ ቦሃነንም ይህን አልደበቀም።

ይህን ለማወቅ ተማሪው የዘዴውን ክፍል ከፍቶ ምን ያህል ነገር እንደተለካ ይቁጠር፤ ከዚያ አብስትራክቱ ላይ ስንቱ እንደተነገረ ይይ። ዘዴው ላይ አሥራ ስምንት፣ አብስትራክቱ ላይ አንድ ወይም ሁለት ከሆነ ቀሪዎቹ የት እንደገቡ ይጠይቅ። ጠንቃቃ አጥኚ ዋናውን ልኬት አስቀድሞ ይሰይማል፤ የሕክምና ሙከራ ከሆነም ClinicalTrials.gov በመሰለ መዝገብ ላይ ሰዎችን ከመቀበሉ በፊት ያስመዘግበዋል። የምዝገባው ቀን ከመጀመሪያው ተሳታፊ በኋላ ከሆነ ምዝገባው እንዳልነበረ ይቆጠራል። ብዙ ነገር ሊለካ ያሰበ አጥኚ ደግሞ መስፈርቱን ያጠብቃል፤ ቀላሉ መንገድ 0.05ን ለልኬቶቹ ብዛት ማካፈል ነው። ለ18 ሲካፈል 0.003 ገደማ ይመጣል። ውጤቱ 0.04 ተብሎ ከቀረበ ይህን ወንፊት አያልፍም። ይህ ማካፈል አንዳንዴ ከልክ በላይ ያጠብቃል ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ልክ ናቸው፤ ለተማሪ የመጀመሪያ ማጣሪያነት ግን ይበቃል።

ሦስተኛ የልዩነቱ መጠን ራሱ ይታይ፤ መቶኛው ብቻ አይደለም። «10 በመቶ»፣ «በእጥፍ» የሚሉ ቃላት መነሻቸው ካልተነገረ ምንም አይሉም። ከ7000 ሰው በአንዱ ላይ ይደርስ የነበረ ነገር በሁለት ላይ ሲደርስ «አደጋው በእጥፍ ጨመረ» ማለት ሐሰት አይደለም፤ የሚጨመረው ግን ከ7000 አንድ ሰው ነው። ተማሪው ሁልጊዜ ከስንቱ ስንት ብሎ ይጻፈው። ጽሑፉ ይህን ለመጻፍ የሚያስፈልገውን ቁጥር ካልሰጠ፣ ያንኑ መጻፍ ነው።

ይህ ሁሉ ማለት ትንሽ ጥናት አይጠቀስም ማለት አይደለም። ብርቅ በሽታ ላይ 15 ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ለጥያቄ መነሻም ይሆናል። ቁም ነገሩ ተማሪው ድርሰቱ ውስጥ የሚሰጠው ክብደት ከቁጥሩ ጋር መመጣጠኑ ነው። «ቸኮሌት ክብደት ይቀንሳል» እና «15 ሰዎችን ለሦስት ሳምንት የተከታተለ አንድ ሙከራ ልዩነት አየሁ ብሏል» የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ምንጩ የሚሸከመው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ቶሎ እንጥቀስ። ማንኛውም ምንጭ ከመጠቀሱ በፊት መሻሩ ይጣራ። የወረደ ፒዲኤፍ ራሱን አያድስም፤ በኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ቅጂ ጽሑፉ ከተሻረ በኋላም እንደ ቀድሞው ይነበባል። የጽሑፉን DOI ከፍቶ የአሳታሚውን ገጽ ማየት፣ ቀጥሎም የተሻሩ ጽሑፎችን በሚመዘግበው በሪትራክሽን ዋች የመረጃ ቋት ርዕሱን መፈለግ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል።

ስለዚህ መመሪያው ላይ እንዲገባ የምንጠይቀው ጽሑፍ የሚከተለው ነው፦ «ዋና ክርክርህ ወይም ክርክርሽ የቆመባቸውን ሁለት ምንጮች ምረጡ። ለእያንዳንዱ፦ ጆርናሉን ከራሱ ገጽ ውጭ በምን አረጋገጣችሁ? በእያንዳንዱ ቡድን ስንት ሰው ነበር? ስንት ነገር ተለካ፣ ስንቱስ ተነገረ? ልዩነቱ ከስንቱ ስንት ነው? ጽሑፉ ተሽሯል ወይስ አልተሻረም፣ መቼ አያችሁት?» ጥናቱ የቃለ መጠይቅ ወይም የታሪክ ከሆነ የቁጥሮቹ ጥያቄዎች ይቀሩና ማን ተናገረ፣ በምን ማስረጃ የሚለው ይተካል። የምንጮቹን ብዛት መምህሩ እንደ ርዕሱ ይወስን፤ አምስት የሚለው ቁጥር የሚያመጣው ጥቅም አልታየንም።

አተራረም ላይም አንድ ልመና አለን። መርምሮ «ይህ ምንጭ ክርክሬን መሸከም አይችልም» ብሎ የጣለ ተማሪ ጥሩ ምንጭ ካገኘው እኩል ማርክ ያግኝ፤ የጣለውን ምንጭና የጣለበትን ምክንያት በግማሽ ገጹ ላይ ካሳየ። ማርኩ ለተገኘው ምንጭ ብቻ ከተሰጠ ተማሪው ድካሙን ላለማባከን ሲል የቸኮሌቱን ጥናት ጠንካራ አስመስሎ ይጽፈዋል፤ እኛም የምናነበው ያንን ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤተ መጻሕፍትና የስታቲስቲክስ ባልደረቦቻችሁ